«ምን ይሰማዎታል?»፦ የተቀዳ ድምፅን እግር በእግር መከተል የአንዲት ተማሪን አማርኛ እንዴት እንደለወጠው

ተማሪዬ 29 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። አረጋውያን ቀን ቀን በሚውሉበት አንድ ማዕከል ነርስ ሆና ትሠራለች፤ ከሚውሉትም ብዙዎቹ የእኛው እናቶችና አባቶች ናቸው። ወላጆቿ ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲያናግሯት እሷ በእንግሊዝኛ እየመለሰች ስላደገች፣ የሚነገረውን ሁሉ ትሰማለች። ቃላት አይቸግሯትም፤ ፊደልም ቆጥራለች። ወደ እኔ የመጣችው አንድ ነገር ስላንገበገባት ነው። ጠዋት ጠዋት እየዞረች «ዛሬ ምን ይሰማዎታል?» ብላ ስትጠይቅ እናቶች ዝም ብለው ያዩዋታል። ስትደግመው «ምን አልሽ ልጄ?» ይሏታል። አንድ ቀን አንዷ እማማ እጇን ይዘው፣ «እንግሊዝኛውን ተናገሪው፤ ልጄ ስትመጣ ትነግረኛለች» አሏት። ያን ዕለት ማታ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ቃሉ ልክ ነው አይደል? ታዲያ ለምንድን ነው የማይገባቸው?»

ቃሉ ልክ ነበር። ሲጻፍ አንድም ፊደል አይጎድለውም። ስትናገረው ግን ሰ-ንም ማ-ንም አላልታ ነበር የምትለው። «ይሰማዎታል» የሕመም ጥያቄ የሚሆነው ሁለቱም ሲጠብቁ ነው። ሁለቱም ሲላሉ ግስ ይለወጣል፤ «እሱ እርስዎን ይሰማል» ማለት ይሆናል። ስለዚህ እማማ የሰሙት «ዛሬ ምን ነገር እርስዎን ይሰማል?» የሚል ትርጉም አልባ ዓረፍተ ነገር ነው። «ሕመም አለዎት?» ስትልም እንዲሁ ነበር። ለ ካልጠበቀች «አለዎት» ያው «አለ፣ ተናገረ» ከሚለው ግስ ይሆናል፤ ሕመም የሚባል ሰው አንድ ነገር የነገራቸው ይመስላል። እኛ ይህን ሳናስበው ነው የምንለየው። ጆሯችን የሚለየውን ፊደላችን ግን አይጽፈውም፤ ከመጽሐፍ ለሚማር ሰው የአማርኛ ትልቁ ወጥመድ ይኼ ይመስለኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርገው ነበር፤ ልማድ ሳይሆን ቀረ እንጂ።

ሁለተኛው ችግር የዜማ ነው። ተማሪዬ እንደ ብዙዎቹ እዚህ ያደጉ ወጣቶች፣ ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ ድምጿን ወደ ላይ ታነሣለች። በእንግሊዝኛ ይህ የአነጋገር ልማድ ብቻ ነው፤ ጥያቄን የሚለይ የቃላት አሰላለፍ አላቸውና ብዙ አያምታታም። እኛ ግን «መድኃኒትዎን ወስደዋል» እና «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ስንል ቃሉም ተራውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ በድምፅ መውረድና መውጣት ብቻ ነው። እሷ ከመዝገቡ አይታ «ወስደዋል» ብላ ስታስታውሳቸው፣ አባባ የጠየቀቻቸው መስሏቸው «አልወሰድኩም» ይሏታል። በመድኃኒት ጉዳይ ደግሞ ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። ከባድ ነገር ሲኖር ማዕከሉ አስተርጓሚ ይጠራል። የዕለት ተዕለቱ ንግግር ግን የእሷ ነው።

ሰዋስው ላስተምራት አላሰብኩም፤ ሰዋስው አይጎድላትም። የሚያስፈልጋት ቅጂ እየሰሙ፣ ተናጋሪውን ሳያስቆሙ፣ ከኋላው ከኋላው እየተከተሉ ያንኑ በድምፅ ማለት ነው። በውጭ ሻዶዊንግ ይሉታል፤ ለተናጋሪው ጥላ መሆን ማለት ነው። በአንድ ጊዜ የሚተረጉሙ አስተርጓሚዎች ይሠለጥኑበታል፤ በጃፓንም የእንግሊዝኛ ክፍሎች ውስጥ በሰፊው ይሠሩበታል። «ስማና ድገም» ከሚለው አሮጌ ልምምድ የሚለየው በመካከል ዝምታ ስለሌለ ነው። ተናጋሪው አረፍ ብሎ ከጠበቀህ፣ የሰማኸውን ትርጉም ይዘህ በራስህ ምት መልሰህ ታወጣዋለህ። ሳያርፍ ከቀጠለ ግን የራስህን ምት የምታስገባበት ፋታ አታገኝም፤ የእሱን ትወስዳለህ። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤትም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ንባብ የሚማር ልጅ የመምህሩን ድምፅ ይዞ ነው የሚነሣው የሚወድቀው፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚሉት የግእዝ ንባብ ዓይነቶች ስሞች የመጡት ከጆሮ ነው።

መጀመሪያ ቅጂ መምረጥ ነበረብን። ዜና አልፈለግሁም፤ ዜና ከወረቀት የሚነበብ ስለሆነ ዜማው የሰው ለሰው ዜማ አይደለም። ዘፈንም አይሆንም፤ ግጥሙ ለዜማው ሲል የሚጠብቀውን ያላላል፣ አጭሩን ይስባል። የእናቷ ታላቅ እህት፣ አክስቷ፣ ጥሩ ተናጋሪ ናቸው፤ ድምፃቸውም የሴት ስለሆነ በከፍታው ከእሷ ብዙ አይርቅም። ድፎ ዳቦ እንዴት እንደሚደፋ እንዲነግሯት አስደርገን በስልክ ቀዳናቸው። ከአራት ደቂቃው ውስጥ 40 ሰከንድ ቆረጥን። ከዚያ በላይ ረጅም ከሆነ ተማሪ መሀል ላይ ይደክመውና ማጉተምተም ይጀምራል፤ ከ20 ሰከንድ ካነሰ ደግሞ በሁለት ቀን በቃሉ ይይዘዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለ ውጤት አለፉ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ቀላል እንዲሆንላት ብዬ የአክስቷን ንግግር በጽሑፍ ገልብጬ ሰጠኋት። እሷም ወረቀቱን ይዛ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ በየቀኑ 15 ደቂቃ ትሠራ ነበር። ስሰማት ደስ ይላል፤ ሳትደነቃቀፍ ትሄዳለች። አንድ ቅዳሜ ግን የእሷንም ድምፅ በሌላ ስልክ ቀዳሁና ሁለቱን Audacity በሚባል የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አንዱን ከአንዱ በታች አስቀመጥኳቸው። የድምፁ ሞገድ ሲታይ ነገሩ ተገለጠ። በብዙ ቦታ የእሷ ድምፅ ከአክስቷ ድምፅ ቀድሞ ይጀምር ነበር። ጥላ ከባለቤቱ አይቀድምም። ትከተል የነበረው አክስቷን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ደግሞ ማጥበቅን አያሳይም፤ ስለዚህ አክስቷ ጆሮዋ ውስጥ እያጠበቁ እሷ በአፏ እያላላች ሁለት ሳምንት ሄደናል። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው መመርመሪያዬ ይህ ሆነ፤ ተማሪው ከቅጂው ከቀደመ እያነበበ ነው፣ ወይም በቃሉ ይዞት እየወጣው ነው። በቃሉ ከያዘው ቅጂ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

ወረቀቱን ወሰድኩባት። አዲሱ አሠራራችን እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ቅጂውን ሁለት ጊዜ አፏን ዘግታ ትሰማለች። ቀጥሎ ሁለት ጊዜ በለሆሳስ እያንሾካሾከች ትከተላለች፤ እዚህ ላይ ቃላቱ ቢያመልጧት ግድ የለም፣ የምትይዘው ምቱን ነው። ከዚያ ድምጿን አውጥታ አራት አምስት ጊዜ። የመጨረሻውን ዙር ብቻ ትቀዳና ከአክስቷ ጋር እያፈራረቀች ትሰማዋለች። ማዳመጫው አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ እንዲሆን አደረግሁ፤ ሁለቱም ጆሮ ከተደፈነ ሰው የራሱን ድምፅ በትክክል አይሰማም፣ የአክስቷን ድምፅ የራሷ አድርጋ ትወስደዋለች። መኪና ውስጥ እየነዳች መሥራቱንም አስቀረን። የመንገዱ ጩኸት በድምፆች መካከል ያለውን ጥቃቅን ልዩነት ይሸፍናል፤ እኛን የቸገረን ደግሞ በትክክል እሱ ነው።

ምን ያህል ወደ ኋላ ትከተል የሚለውም ጥያቄ ነበር። ማርስለን-ዊልሰን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራ፣ አንዳንድ ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው ሩብ ሰከንድ ያህል ብቻ እየዘገዩ፣ ትርጉሙንም ሳይለቁ መከተል እንደሚችሉ አሳይቷል። ያ የአንድ ፊደል ያህል ጊዜ ነው። ተማሪዬን እንዲህ አስጠግቻት ስሞክር ግምት ውስጥ ገባች፤ ቃሉ ሳያልቅ የሚመጣውን እየገመተች በራሷ ምት ትጨርሰዋለች። ሙሉ ሐረግ ስትዘገይ ደግሞ ከስማና ድገም አልተለየም። የተመቻት የአንድ አጭር ቃል ያህል መዘግየት ነበር። «ዱቄቱን» ተብሎ ሲያልቅ እሷ «ዱቄቱን» ትጀምራለች።

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀረብ ብለን እንየው። «ቀስ ብለው ይነሱ» ማለት በሥራዋ በቀን ሃያ ጊዜ የምትለው ነው። የሚጠብቀውን ፊደል በነጥብ ብናሳየው «ቀስ፟ ብለው ይነ፟ሱ» ይሆናል። ሁለት የሚያርፉበት ቦታ አለ፤ ቀስ ላይ ሰ ትሳባለች፣ ይነሱ ላይ ደግሞ ነ። መጀመሪያ ስትሞክረው ሰ-ን በመሳብ ፈንታ «ቀ»ን ጮክ አድርጋ አረዘመችው፤ «ቀ-ኧስ» ዓይነት። የእንግሊዝኛ ጆሮ የሚያውቀው ማጉያ መንገድ ያ ነው። በአንድ ቃል ውስጥ አንዱን ክፍለ ቃል ያጎላል፣ ያስረዝማል፣ ከፍ ያደርጋል፤ ሌሎቹን ይውጣል። በቃል መካከል አንድን ተነባቢ ይዞ ማቆየት ግን አያውቅም። እኛ ደግሞ የምናስረዝመው ተነባቢውን እንጂ አናባቢውን አይደለም። Audacity ላይ ሲታይ የአክስቷ ጠባቂ ሰ በብሩሽ እንደተቀባ ሰፊ መስመር ሆኖ ይቆያል፤ የእሷ ሰ ጠባብ ሆኖ ከፊቱ ያለው አናባቢ ያበጠ ነው። እንደ ተ ያለ ፊደል ሲጠብቅ ደግሞ በሞገዱ መካከል ባዶ ቦታ ይታያል፤ «መታጠቢያ» ስንል ምላስ ጥርስ ሥር ተይዞ ለአፍታ ዝም እንላለንና። አክስቷ ላይ ያ ባዶ ቦታ በዓይን የሚለካ ነው፤ እሷ ላይ ጭራሽ የለም።

ይህን ዓይቶ መረዳት አንድ ነገር ነው፤ አፍ እሺ የሚለው ግን በመከተል ነው። ጮክ ማለቱን እንድትተው አንድ ዘዴ ረዳን። ለሦስት ቀን ድምጿን ሳታወጣ፣ በሹክሹክታ ብቻ እንድትከተል አደረግኋት። በሹክሹክታ መጮህ አይቻልም፤ ከፍታም የለውም። ለማጉላት የቀረላት ርዝመት ብቻ ነው። ሰ-ም ተ-ም መያዝ የጀመሩት በነዚያ ሦስት ቀናት ነው።

ቅጂውን በስልኩ ላይ አዘግይታ መሥራትም ሞክራ ነበር፤ አስተውኳት። ማጥበቅ የሚታወቀው ከአጠገቡ ካሉት ፊደላት አንጻር ነው። ሁሉም እኩል ሲዘገይ የላላውም ረጅም ሆኖ ይሰማል፤ ጀማሪ ጆሮ ሁሉንም ጠባቂ አድርጎ ይወስደዋል። ፈጣን የሆነባትን ቦታ ከማዘግየት ይልቅ በአምስት ሰከንድ ቆራርጦ በእውነተኛ ፍጥነቱ መከተል ይሻላል። ይህን ያወቅሁት እሷ ላይ ካየሁት በኋላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ያገኘችውን ሁሉ ማጥበቅ ጀመረች። እናቶች ምሳ ደረሰ ወይ ሲሏት «ምሳ ገና ነው» ለማለት ና-ን አጥብቃ፣ የልደትን በዓል ጠርታ ትመለሳለች። ብዙ ተማሪዎች በዚህ ደረጃ ያልፋሉ። የማይጠብቀውንም ማጥበቋ ልዩነቱን መስማት እንደጀመረች ምልክት ስለሆነ አላሳሰበኝም፤ ዝግታውን ካስተውናት በኋላ በአሥር ቀን ውስጥ እየቀነሰ ሄደ።

በአምስተኛው ሳምንት ግን ያላሰብኩት ነገር መጣ። አንድ ቀን አኩርፋ መጣች። «ጋሼ፣ አሁን ይገባቸዋል። ግን አንዷ እማማ ‹ምን አደረግሁሽ ልጄ፣ ለምን ትቆጪኛለሽ?› አሉኝ» አለችኝ። ያለችውን እንዳለችው እንድትለው ጠየቅኋት። «ቀስ ብለው ይነሱ!» አለች። ማጥበቁ ልክ ነው፤ አክብሮቱም «ይነሱ» ብሎ በቃሉ ውስጥ አለ። ዜማው ግን ዳቦው ላይ ያለው የአክስቷ «ከድነሽ ተይው!» ነበር። ከላይ ጀምሮ ግሱ ላይ ፈጥኖ የሚወድቅ፣ ታላቅ ለታናሽ፣ አክስት ለእህቷ ልጅ የምታዝዝበት ድምፅ። አምስት ሳምንት ሙሉ ስትከተል የኖረችው ያንን ነው፤ እንዳለ ወሰደችው። መከተል ይህንን አይለይም፤ ምቱንም፣ ዜማውንም፣ በዜማው ውስጥ ያለውን ዕድሜና ሥልጣንም አንድ ላይ ያመጣል። ቅጂ ስመርጥ ማን ይናገራል ብዬ አስቤ ነበር። ለማን ይናገራል ብዬ ግን አላሰብኩም። አሁን ቅጂ ስመርጥ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህን ነው።

ሁለተኛውን ቅጂ ያገኘነው ከእኚሁ አክስቷ ነው። አማታቸው በሕይወት አሉ፤ ሰማንያውን አልፈዋል፤ አክስቷ እሑድ እሑድ ይደውሉላቸዋል። ሁለቱንም አስፈቅደን የአክስቷን ወገን ብቻ ቀዳን። (በማዕከሉ ያሉትን እናቶች መቅዳት አልፈለግሁም፤ የታማሚ ነገር ነው፣ የሚደረግም አይደለም።) «እንደምን አደሩ? እንቅልፍ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ትንሽ ተሻለዎት?» እነዚያው አክስት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ሴት ያስመስላቸዋል። «እንደምን» ላይ ለስለስ ብሎ ከፍ ይልና «አደሩ» ላይ እየተሳበ ይወርዳል። «ተሻለዎት» መጨረሻው ላይ ትንሽ ብቻ ተነሥቶ እዚያው ይቆያል፤ መልስ የሚጠብቅ እንጂ የሚያቻኩል አይደለም። ሲያዝዙ እንኳ፣ «መድኃኒቱን እንዳይረሱት እሺ» ሲሉ፣ ግሱ አይወድቅም፤ ዝቅ ብሎ ያርፋል።

በዚህ ቅጂ ላይ ሦስት ሳምንት ሠራን። ለዜማው ብቻ ሌላ ልምምድ ጨመርኩ፤ ቃሉን ትታ አፏን ገጥማ በ«እምምም» ብቻ ትከተል ነበር። ቃል ሲጠፋ የሚቀረው መውጣትና መውረዱ ነው፤ ተማሪዋ ዓረፍተ ነገር በጨረሰች ቁጥር ድምጿን እንደምታነሣ ራሷ በጆሮዋ የሰማችው ያኔ ነው። «አክስቴ ወርደው አርፈዋል፣ እኔ ግን ላይ ቀርቻለሁ» አለችኝ። በሁለት ወር ውስጥ ከነገርኳት ሁሉ ይህን ራሷ መስማቷ በለጠ።

ቢሆንም ቅጂው ሲጠፋ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ መከተል ብቻውን እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። ከቅጂው ጋር ስትሄድ የአክስቷ ልጅ ትመስላለች፤ ቅጂውን ዘግተን ስለ ውሎዋ ንገሪኝ ስላት፣ ቃል እየፈለገች ስትናገር የድሮው ምት ይመለሳል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ድልድይ ለመሥራት ተጠቀምንባቸው። «ጉልበትዎን ትንሽ ተሻለዎት?» ሲያልፍ ቅጂውን አቁማ ያንኑ በራሷ ትላለች። ቀጥላ አንድ ቃል ትቀይራለች፤ «ወገብዎን ትንሽ ተሻለዎት?»፣ «ራስዎን ትንሽ ተሻለዎት?» ዜማው ሳይፈርስ ቃሉ ብቻ ይለወጣል። ከዚያ ቅጂው ውስጥ የሌለውን «ምን ይሰማዎታል?»ን በዚያው ዜማ ትለዋለች። አዲስ ቃል ስታገኝ ግን ይጠብቃል ወይስ ይላላል የሚለውን መጠየቅ አለባት፤ መከተል ያልሰማችውን ቃል አያስተምራትም። አሁን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አዲስ ቃል ስትጽፍ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ታደርጋለች።

በአሥረኛው ሳምንት፣ በልምምዱ መጀመሪያና መጨረሻ የቀዳኋቸውን ዓረፍተ ነገሮች አደባልቄ እሷን ለማያውቁ ሁለት ጎረቤቶቼ አሰማኋቸው፤ ሁለቱም በዕድሜ የገፉ ናቸው። የሰሙትን እንዲደግሙልኝ ነው የጠየቅኋቸው። ከድሮዎቹ አብዛኛውን አስደግመው ነው የሰሙት፤ አንዳንዱንም ሌላ ነገር አድርገውታል። የኋለኞቹን ያለ ችግር ደገሙልኝ። ልምምዱ ውስጥ ያልነበሩትን ሲሰሙ ልዩነቱ ጠበበ፤ ዜማቸው ተስተካክሎ ማጥበቃቸው የሳተ ነበሩ። ሁለቱንም «ይቺ ልጅ የት ነው ያደገችው?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱም አላመነቱም፣ «እዚሁ» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፉትና ማክዶኖ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። 16 የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ለ8 ሳምንታት በዚሁ መንገድ ሠርተው ንግግራቸው ለአድማጭ ቀለለ፣ ቅልጥፍናቸውም ጨመረ፤ ባዕድ ቅላጼያቸው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። እኔም ለተማሪዬ ቃል የገባሁላት እናቶች እንዲረዷት ነው፤ አዲስ አበባ ያደገች እንድትመስል አይደለም።

አንድ ነገር በዚህ መንገድ ጨርሶ አልተነካም። ጠ-ን፣ ቀ-ን፣ ጨ-ን እንደ ተ፣ ከ፣ ቸ ነው የምትላቸው፤ «ጤና ይስጥልኝ» ስትል አሁንም ጤናው «ቴና» ነው። አሥር ሳምንት ሙሉ አክስቷ በየዓረፍተ ነገሩ እያፈነዱት፣ እሷ ግን በለመደችው ስታልፈው ቆየች። ርዝመትና ዜማ ጆሮ ከቀረበላቸው አፍ የሚያገኛቸው ናቸው። ጠ ግን ጉሮሮን ዘግቶ አየሩን እዚያው አፍኖ መልቀቅን ይጠይቃል፤ ያንን ካልሠራችው የቱንም ያህል ብትከተል አይመጣም። ስለዚህ ቅጂውን ለጊዜው አስቀምጠን፣ ከመስተዋት ፊት ቆማ ትንፋሿን ይዛ ጠ ማለት ጀምራለች። እጇን አፏ ፊት ትይዛለች፤ ተ ሲባል ትንፋሽ እጅ ላይ ይሰማል፣ ጠ ሲባል ብዙም አይሰማም። ባለፈው ቅዳሜ ከአሥር ሦስቱ ወጥተዋል።